«ክሊራንስ ይጻፍልኝ»

የንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ባለው ጊዜ ነው። ስድስት ወር ሙሉ ማለት ነው። የገቢዎች ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቶች ግን የሚጨናነቁት በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ብዙ ሰው ይህን የነጋዴው ስንፍና አድርጎ ያወራዋል፤ ነገሩ ግን ግማሹ እውነት ነው። ፈቃድ ለማሳደስ መጀመሪያ የዓመቱን ግብር አሳውቆ መክፈል ያስፈልጋል። የሂሳብ መዝገብ የሚይዘው የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ደግሞ ይህን የሚያደርግበት ጊዜ እስከ ጥቅምት 30 ነው። ሂሳቡን አዘግቶ፣ ግብሩን ከፍሎ ሲጨርስ ከስድስቱ ወር የሚቀረው ሁለት ወር ብቻ ነው። በእነዚያ ሁለት ወራት ውስጥ ነው እንግዲህ ሁሉም ነጋዴ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ይዞ አንድ በር ላይ የሚሰለፈው።

ደብዳቤው የታክስ ክሊራንስ መጠየቂያ ነው። ክሊራንስ ማለት ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት «ይህ ግብር ከፋይ የሚፈለግበትን አሳውቋል፣ ከፍሏል፣ ፈቃዱ ቢታደስለት ተቃውሞ የለንም» ብሎ ለንግድ መሥሪያ ቤቱ የሚጽፈው ማረጋገጫ ነው። ያለ እሱ የንግድ ጽሕፈት ቤቱ ፈቃዱን አያድስም፤ ሕጉም አይፈቅድለትም። በኦንላይን የሚያድስ ሰውም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም።

ይህን ደብዳቤ ገቢዎች ቅርንጫፎች አጠገብ ያሉ ጸሐፊዎች በደቂቃዎች ውስጥ ይተይቡታል። ስምና ቲን ቁጥር ብቻ የሚቀየርበት የተዘጋጀ ቅጽ ኮምፒውተራቸው ውስጥ አለ። ችግሩም እዚያ ላይ ይጀምራል። ቅጹ ለጨረታ የሚፈልገውንም፣ ሱቁን ለመዝጋት የሚፈልገውንም፣ ፈቃድ ለማሳደስ የሚፈልገውንም አንድ አድርጎ «ክሊራንስ እንዲሰጠኝ» ብሎ ይለምናል። ተቀባዩ ሠራተኛ ግን እነዚህን ጥያቄዎች የሚያያቸው በተለያየ መንገድ ነው። ንግዱን ለመዝጋት ክሊራንስ የሚጠይቅ ሰው ከአሁን በኋላ ላይገኝ ስለሚችል ፋይሉ ኦዲት ሳይደረግ አይለቀቅም። ለጨረታ የሚጠይቀው ደግሞ ማረጋገጫው የሚጻፍለት ለሌላ ዓላማ ስለሆነ ለእድሳት ቢያቀርበው ተቀባይነት አያገኝም። ለእድሳት የሚጠይቀው ይቀጥላል፤ የሚታይለትም በዋናነት ያለፈው ግብር ዘመንና የቆየ ዕዳ መኖር አለመኖሩ ነው። ስለዚህ «ጉዳዩ» የሚለው መስመር ላይ ዓላማው በግልጽ ካልተጻፈ፣ ደብዳቤው የሚመራበትን ክፍል የሚወስነው የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ግምት ይሆናል።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። በአዲስ አበባ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ያላትን አንዲት ነጋዴ እናስብ። በግለሰብ ስም የተመዘገበች፣ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ፣ ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበች፣ አንድ ቅጥር ሠራተኛ ያላት። የግብር ዘመኑ ከሐምሌ 1 ቀን 2014 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2015 ዓ.ም ያለው ነው። የዓመቱን የትርፍ ግብር ጥቅምት 22 ቀን 2016 አሳውቃ ከፍላለች። በኅዳር ወር ደብዳቤዋን ጻፈች። ደኅና የተጻፈ ደብዳቤ እንዲህ ይነበባል፦

ቀን፦ ኅዳር 20 ቀን 2016 ዓ.ም

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ገቢዎች ቢሮ
የ……… ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለ2016 ዓ.ም የንግድ ሥራ ፈቃድ እድሳት የሚያገለግል የታክስ ክሊራንስ እንዲጻፍልኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች በግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ……… ተመዝግቤ፣ በ……… ክፍለ ከተማ ወረዳ ……… የቤት ቁጥር ……… በንግድ ሥራ ፈቃድ ቁጥር ……… በጽሕፈት መሣሪያ ችርቻሮ ንግድ የተሰማራሁ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ነኝ።

ከሐምሌ 1 ቀን 2014 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2015 ዓ.ም ያለውን የግብር ዘመን የንግድ ሥራ ገቢ ግብር ጥቅምት 22 ቀን 2016 ዓ.ም አሳውቄ በደረሰኝ ቁጥር ……… ከፍያለሁ። በዚሁ ዘመን ውስጥ ያሉትን የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮ በየወሩ አሳውቄአለሁ።

ስለዚህ የንግድ ሥራ ፈቃዴን ለማሳደስ እንድችል ለ……… ክፍለ ከተማ ንግድ ጽሕፈት ቤት የሚቀርብ የታክስ ክሊራንስ እንዲጻፍልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ፊርማ፣ ሙሉ ስም፣ ስልክ ቁጥር

አባሪ፦ የንግድ ፈቃድ ኮፒ፣ የቲን ምዝገባ ምስክር ወረቀት ኮፒ፣ የዓመቱ ግብር ማሳወቂያና የክፍያ ደረሰኝ ኮፒ፣ የነዋሪነት መታወቂያ ኮፒ

ደብዳቤው ልመና የለበትም፣ ታሪክም የለበትም። «የቤተሰብ አስተዳዳሪ ስለሆንኩ»፣ «በችግር ላይ ስለምገኝ» የሚሉት መስመሮች በየማመልከቻው ይገባሉ፤ ለክሊራንስ ግን አንዳችም ነገር አይጨምሩም። ሠራተኛው ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ማን እንደሆንሽ፣ የቱን ዘመን እንደከፈልሽ፣ ማረጋገጫው ለማን እንደሚጻፍ። ከሦስቱ ብዙ ጊዜ የሚረሳው የመጨረሻው ነው። ክሊራንሱ «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ ሳይሆን በስም ለተጠቀሰ መሥሪያ ቤት ስለሚጻፍ፣ ፈቃዱ የሚታደሰው በክፍለ ከተማ ይሁን በወረዳ ወይም በሚኒስቴሩ ነጋዴው አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

አመልካቹ የግል ማኅበር ከሆነ ደብዳቤው በድርጅቱ ርዕስ ባለው ወረቀት፣ በሥራ አስኪያጁ ፊርማና በማኅተም ይወጣል። በምትኩ ሌላ ሰው የሚሄድ ከሆነ ደግሞ በሰነዶች ማረጋገጫ የተረጋገጠ ውክልና ያስፈልጋል። ውጭ አገር እየኖሩ አዲስ አበባ ላይ በስማቸው ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ታኅሣሥ ሲገባ የሚጨነቁት በዚህ ነው። ኤምባሲ የተረጋገጠው ውክልና እዚህ መጥቶ በውጭ ጉዳይ በኩል ካላለፈ በስተቀር ወንድም ወይም እኅት በቅርንጫፉ መስኮት ላይ ቆመው ምንም ማድረግ አይችሉም። ውክልናው «ሱቁን ያስተዳድርልኝ» ብቻ የሚል ከሆነም አይበቃም፤ ግብር ማሳወቅን፣ ክሊራንስ መጠየቅንና መቀበልን በግልጽ መጥቀስ አለበት።

ወደ ጽሕፈት መሣሪያዋ ሱቅ እንመለስ። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ተሰጠው፤ ወደ ዕዳ ክትትል ክፍል ተመራ። ሠራተኛው ቲን ቁጥሯን ሲያስገባ በኮምፒውተሩ ላይ የሚያየው የዓመቱን የትርፍ ግብር ብቻ አይደለም። በእያንዳንዱ የታክስ ዓይነት ሥር ወሮቹ ተራ በተራ ተደርድረዋል። በዓመቱ ውስጥ 12 የቫት ማሳወቂያ፣ 12 የሥራ ግብር፣ 12 የጡረታ መዋጮ መኖር አለበት። ነጋዴዋ ትልቁን፣ የጥቅምቱን ክፍያ እያሰበች መጥታለች፤ ሠራተኛው ደግሞ ያልገባ ወር ፍለጋ ላይ ነው።

«እኅቴ፣ የግንቦት ቫት አልገባም።»

«ግንቦት እኮ ታምሜ ሱቁ ዝግ ነበር። ምንም አልሸጥኩም።»

ይህ ንግግር በየቅርንጫፉ በየቀኑ የሚሰማ ነው፤ ብዙ ነጋዴ የማይረዳውም ነጥብ ይኸው ነው። ለቫት የተመዘገበ ሰው ያልሸጠበትን ወርም «ዜሮ» ብሎ ማሳወቅ ግዴታው ነው። ሽያጭ አለመኖሩን መሥሪያ ቤቱ በራሱ አያውቅም፤ ስርዓቱ የሚያውቀው አንድ ማሳወቂያ እንዳልገባ ብቻ ነው። በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ደግሞ የሚከፈል ግብር ለሌለበት ወር ማሳወቂያ ያላቀረበ ግብር ከፋይ ቅጣቱ በእያንዳንዱ የግብር ጊዜ 10,000 ብር ነው። የሚገርመው፣ ግብር ያለበትን ወር አዘግይቶ ካሳወቀ ሰው ጋር ሲነጻጸር ያልሸጠው ሰው የበለጠ ሊቀጣ ይችላል። ግብር ባለበት ወር ቅጣቱ የሚሰላው ካልተከፈለው ግብር በመቶኛ ሲሆን ዝቅተኛው ወሰን 10,000 ብር ወይም የግብሩ ሙሉ መጠን፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው። እንግዲህ በግንቦት 4,000 ብር ቫት ኖሮባት ቢሆን፣ የማሳወቂያው ቅጣት ዝቅተኛ ወሰን 4,000 ብር ይሆን ነበር። በእርግጥ ግብሩን ባለመክፈሏ ሌላ ቅጣትና ወለድ ይጨመርባታል። ሆኖም ዜሮ ወር 10,000 ብር ያስከፍላል መባሉን የሰማ ነጋዴ መጀመሪያ ስሌቱ የተሳሳተ ይመስለዋል። ለእኔም ሚዛኑ የተዛባ ሕግ ይመስለኛል፤ ግን የተጻፈው እንዲህ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የጡረታ ነው። የሠራተኛዋ ደመወዝ 5,000 ብር ነው። ከሠራተኛዋ 7 በመቶ፣ ከአሠሪዋ 11 በመቶ፣ በድምሩ 18 በመቶ፣ ማለትም 900 ብር በየወሩ ይገባል። በኮምፒውተሩ ላይ የጥር ወር ባዶ ነው፤ የካቲት ላይ ግን 900 ብር ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል። ነጋዴዋ ከፍላለች፤ ገንዘቡም መሥሪያ ቤቱ ደርሷል፤ ግን የጥሩ ክፍያ የካቲት ላይ ተቀምጧል። ባንክ ላይ ወሩ ሲጻፍ ወይም ወደ ስርዓቱ ሲገባ የሚፈጠር ስህተት ነው። ይህንን ስህተት ማወቂያው ምልክት እዚህ ጋ ነው፦ አንድ ወር ባዶ ሆኖ አጎራባቹ ወር ላይ ተመሳሳይ መጠን ሁለት ጊዜ ከታየ፣ ያ ዕዳ አይደለም፤ ምዝገባ ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው «ዕዳ አለብህ» ሲባል ደንግጦ ሁለተኛ ጊዜ ይከፍላል። የተከፈለውን ማስመለስ ደግሞ ክሊራንስ ከማግኘት በላይ ያለ ጣጣ ነው።

ከዚህ በኋላ የመጀመሪያው ደብዳቤ ሥራውን ጨርሷል። እስከ አሁን ያደረገው ፋይሉን ማስከፈት ነው። የቀረው በሁለት የተለያዩ ማመልከቻዎች የሚሠራ ሲሆን፣ ሁለቱን ባንድ ወረቀት ላይ አጣምሮ መጻፍ የተለመደ ስህተት ነው። የሚሄዱበት ክፍል ስለሚለያይ አንዱ ሌላውን ይዞ ይቀመጣል።

የጡረታው ማመልከቻ ጉዳዩ «በስህተት ለየካቲት 2015 የተመዘገበ ክፍያ ወደ ጥር 2015 እንዲስተካከልልኝ» ይላል። ውስጡ አጭር ነው፦ የባንኩ ደረሰኝ ቁጥር፣ ቀኑ፣ መጠኑ፣ የትኛው ወር ላይ እንደተመዘገበና የትኛው ወር ላይ መሆን እንደነበረበት። ከዚያ የባንኩ ደረሰኝ ኮፒና የጥር ወር የጡረታ ማሳወቂያ ቅጽ ይያያዛሉ። ዋናውን ደረሰኝ ለማመሳከር ይዞ መሄድ ነው እንጂ ሰጥቶ መምጣት አያስፈልግም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቀው ደረሰኙ በሌላ ሰው እጅ ስለሚገኝ ነው። ነጋዴው በየወሩ ገንዘቡን ለአካውንታንቱ ይሰጣል፤ አካውንታንቱ ይከፍላል፤ ወረቀቶቹ አካውንታንቱ ቢሮ ይቀራሉ። አካውንታንት ቢቀየር ወይም ቢጠፋ የ36 ወር ማሳወቂያ ማስረጃ አብሮት ይሄዳል። ደረሰኙ የጠፋበት ሰው ቀሪው መንገዱ የከፈለበት ባንክ ሄዶ የዚያን ቀን ክፍያ የሚያሳይ ማረጋገጫ መጠየቅ ነው።

የግንቦቱ ጉዳይ ከዚህ ከበድ ይላል። መጀመሪያ የተረሳው ማሳወቂያ፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ዜሮ ተብሎ መግባት አለበት። ማሳወቂያው ሳይገባ ቅጣቱን ብቻ መክፈል ወሩን አይዘጋም፤ ስርዓቱ ላይ አሁንም ክፍት ሆኖ ይታያል። ከዚያ ቅጣቱ አለ። ሕጉ መሥሪያ ቤቱ አስተዳደራዊ ቅጣትን በመመሪያ በተዘረዘሩ ምክንያቶች እንዲያነሳ ይፈቅድለታል። ሱቁ የተዘጋው በሕመም ከነበረ፣ ይህንን የሚያሳይ የሐኪም ማስረጃ ካለ፣ «የቅጣት ይነሣልኝ» ማመልከቻ ማቅረብ ይቻላል። በዚህ ማመልከቻ ውስጥ ታሪኩ መጻፍ አለበት፤ በክሊራንስ መጠየቂያው ላይ ትርፍ የነበረው ሁሉ እዚህ ቦታ አለው። በየትኛው ቀን ታመመች፣ የት ታከመች፣ ሱቁ ከመቼ እስከ መቼ ተዘጋ፣ የካሽ ሬጂስተሩ የዜድ ሪፖርት በነዚያ ቀናት ምን ያሳያል የሚለው ሁሉ ይጻፋል። የዜድ ሪፖርቱ በተለይ ጠቃሚ ነው፤ ምክንያቱም ማሽኑ ያንን ወር ሽያጭ አለመመዝገቡን ራሱ ይመሰክራል።

ቅጣቱ እንዲነሳ የሚጠይቀው ማመልከቻ መልስ እስኪያገኝ ግን ክሊራንሱ ይቆማል። ኅዳር 20 የጀመረ ሰው አሁንም ጊዜ አለው፤ ታኅሣሥ 25 የጀመረ ግን በዚህ ጊዜ ከባድ ምርጫ ውስጥ ይገባል። ቅጣቱን ከፍሎ ክሊራንሱን መውሰድ ይሻላል ወይስ የይቅርታውን ውሳኔ እየጠበቀ የእድሳቱን ጊዜ ማሳለፍ? ከጥር 1 እስከ ሰኔ 30 ማሳደስ ይቻላል፤ ግን የእድሳት ቅጣት አለው፣ ቅጣቱም ወር በጨመረ ቁጥር ይጨምራል። ሰኔ 30 ካለፈ ደግሞ ፈቃዱ ራሱ ይሰረዛል። በዚህ ጊዜ ብዙዎች 10,000ውን ይከፍላሉ፤ ቀን ያጣ ሰው መብቱንም ያጣል።

መጠኑ ትልቅ የሆነ ዕዳ ሲገኝስ? ለምሳሌ ከሦስት ዓመት በፊት የተደረገ ኦዲት ውሳኔ 200,000 ብር ከነወለዱ ቢታይ፣ ባንድ ጊዜ መክፈል የማይችል ግብር ከፋይ የክፍያ ጊዜ እንዲራዘምለት ጠይቆ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር በጊዜ ሰሌዳ መስማማት ይችላል። መጀመሪያ የተወሰነውን ከፍሎ ቀሪውን በየወሩ የሚከፍልበት ስምምነት ነው። በዚህ መልክ የተስማማና ስምምነቱን እያከበረ ያለ ሰው ክሊራንስ የሚጠይቀው ያንኑ የስምምነት ወረቀት ከደብዳቤው ጋር አያይዞ ነው። ለሚቀጥለው ዓመትም ይኸው ነው፤ አንድ ወር ከዘለለ ግን ስምምነቱ ይፈርሳል፣ ቀሪው ዕዳም ባንድ ጊዜ ይፈለጋል።

በውሳኔው የማይስማማ ሰው መንገዱ ሌላ ነው። የውሳኔው ማስታወቂያ በደረሰው በ21 ቀናት ውስጥ ቅሬታውን ለራሱ ለመሥሪያ ቤቱ ያቀርባል። በቅሬታው ውሳኔ ካልተስማማ በ30 ቀናት ውስጥ ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ይግባኝ ይላል። ለዚያ ግን ከተከራከረበት ግብር ግማሹን ማስያዝ ይጠበቅበታል። እነዚህ ቀናት የሚቆጠሩት ማስታወቂያው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ነው፤ ክሊራንስ ሲጠይቅ ዕዳውን ካየበት ቀን አይደለም። «እኔ አሁን ነው የሰማሁት» የሚለው ክርክር ማስታወቂያው ለማን፣ መቼ እንደተሰጠ ከሚያሳየው ፊርማ ጋር ይጋጫል። ማስታወቂያው ሱቁ ውስጥ ለነበረ ሠራተኛ ተሰጥቶ፣ ሠራተኛው መሳቢያ ውስጥ ጥሎት፣ ባለቤቱ ከዓመት በኋላ በክሊራንስ ቀን የሚያገኘው ውሳኔ ቁጥሩ ቀላል አይደለም።

ዕዳም ያልታወጀ ወርም ሳይኖር ክሊራንስ የሚዘገይበት አንድ ምክንያት ደግሞ አድራሻ ነው። ሱቁን ከአንድ ክፍለ ከተማ ወደ ሌላ ያዛወረ ነጋዴ ፋይሉ ቀድሞ በነበረበት ቅርንጫፍ ይቀራል። ፈቃዱ ላይ ያለው አድራሻ አዲስ፣ የቲን ምዝገባው ላይ ያለው አሮጌ ይሆናል፤ አዲሱ ቅርንጫፍ «ፋይልህ እኛ ጋ የለም» ይላል፣ የቀድሞው ደግሞ «ከእኛ ወጥተሃል» ይላል። ሕጉ የአድራሻ ለውጥን በ30 ቀናት ውስጥ ማሳወቅን ግዴታ ያደርጋል፤ ሰው ግን የሚያሳውቀው ክሊራንስ ሲያስፈልገው ነው። ፋይል ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ማዛወር ደግሞ ራሱን የቻለ ደብዳቤና ምላሽ የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ በታኅሣሥ የመጨረሻ ሳምንት ሊሠራ የሚችል አይደለም።

የጽሕፈት መሣሪያዋ ነጋዴ የጥሩ ጡረታ ተስተካከለላት። የግንቦቱን ዜሮ አስገባች፤ የሕክምና ማስረጃዋንና የዜድ ሪፖርቱን አያይዛ ቅጣቱ እንዲነሳ ጠየቀች። ተነሳላት እንበል። አሁን የመጀመሪያው ደብዳቤ እንደገና ይንቀሳቀሳል። አዲስ ደብዳቤ አያስፈልግም፤ የመዝገብ ቤት ቁጥሩን ጠቅሶ «ጉድለቶቹ ተስተካክለዋል» ብሎ ሠራተኛውን ማስታወስ ይበቃል። ስለዚህም ደብዳቤው ሲገባ የተሰጠውን ቁጥርና ቀን በራስ ቅጂ ላይ ማስጻፍ ብልህነት ነው፤ ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ጠፋ ቢባል ማስረጃ የለም።

የሚሰጣት ወረቀት አጭር ነው። ስሟን፣ ቲን ቁጥሯን፣ የከፈለችበትን የግብር ዘመን ጠቅሶ፣ ፈቃዷን ለማሳደስ በግብር በኩል ተቃውሞ እንደሌለ ለንግድ ጽሕፈት ቤቱ ይገልጻል፤ ፊርማና ማኅተም አለው። ከመስኮቱ ከመነሳቷ በፊት ሦስት ነገር ታያለች፦ ቲን ቁጥሩ አንድ አኃዝ እንዳልተሳሳተ፣ ስሟ በፈቃዷ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰሉን፣ የተጻፈለት መሥሪያ ቤት ትክክለኛው መሆኑን። «ኃይለ» እና «ሃይለ» በሚል ልዩነት ብቻ የንግድ ጽሕፈት ቤቱ ሊመልሳት ይችላል፤ ያን ጊዜ ተመልሳ ወደ ሰልፉ መግባት ነው። ፈቃዱን በኦንላይን የምታድስ ከሆነም ስካን አድርጋ የምታስገባው ይህንኑ ወረቀት ስለሆነ ማኅተሙ በግልጽ የሚነበብ መሆን አለበት።

ክሊራንስ ያገኘ ሰው ደግሞ «ከገቢዎች ጋር ተለያየሁ» ብሎ እንዳያስብ። ወረቀቱ የሚናገረው በዚያ ቀን በመዝገብ ላይ ስለሚታየው ብቻ ነው። የ2015ቱን ሂሳብ መሥሪያ ቤቱ ኦዲት ሊያደርገውና ውሳኔውን በአምስት ዓመት ውስጥ ሊያሻሽለው ይችላል፤ ማጭበርበር ከተገኘ ደግሞ የጊዜ ገደብ የለውም። በዚያ ጊዜ ነጋዴዋ የምታቀርበው የክሊራንሱን ወረቀት አይደለም፤ የግዥ ደረሰኞቿን፣ የሽያጭ መዝገቧን፣ የዜድ ሪፖርቶቿንና ያቺን የሐኪም ማስረጃ ነው።